አንድ በር፣ ሁለት ቁልፍ፦ ዊኪፔዲያ አስተዳዳሪዎቹን ለምን አጥብቆ ይፈትሻል?

አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ ስለ ጣና ሐይቅ የተጻፈውን እያነበባችሁ ስህተት አገኛችሁ እንበል። ማረም ትችላላችሁ። አካውንት እንኳ ባይኖራችሁ ችግር የለም፤ ጽሑፉን አስተካክላችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ አለቀ። አካውንት መክፈት ከፈለጋችሁም የሚጠየቀው ስምና ፓስወርድ ብቻ ነው።

እዚያው ድረ ገጽ ውስጥ ግን `MediaWiki:Common.js` የሚባል ገጽ አለ። እዚህ ገጽ ላይ የሚጻፈው የፕሮግራም ኮድ ነው፣ ጽሑፍ አይደለም። ኮዱ ደግሞ ድረ ገጹን በሚከፍት ሰው ሁሉ ብራውዘር ውስጥ ይሠራል። ይህን ገጽ መቀየር የሚችሉት `interface-admin` የተባለ ሥልጣን የተሰጣቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲገቡ ፓስወርድ ብቻ አይበቃም፤ ሁለተኛ ማረጋገጫም፣ ለምሳሌ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጥ ኮድ፣ ያስፈልጋል።

የመግቢያው ገጽ አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን እንደ ሰውየው ሥልጣን ይለያያል። ለምን? ጥብቅነት ጥሩ ነገር ከሆነ ለሁሉም ቢደረግ ምን ነበረበት? እስቲ ከሥሩ እንየው።

ሁለት ስርቆቶች

መጀመሪያ የአንድ ተራ ተጠቃሚ ፓስወርድ ተሰረቀ እንበል። ሌባው በዚያ አካውንት ገብቶ የጣና ሐይቅ ጽሑፍ ላይ ስድብ ይጽፋል። ዊኪፔዲያ እያንዳንዱን ለውጥ፣ ማን መቼ እንዳደረገው ጭምር፣ በገጹ ታሪክ ውስጥ ይመዘግባል። ሌላ ተጠቃሚ ስድቡን ያያል፣ የቀድሞውን ጽሑፍ ይመልሳል፣ አካውንቱም ይታገዳል። ጉዳቱ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ይታያል፤ ሙሉ በሙሉም ይጠገናል።

አሁን ደግሞ የተሰረቀው የ`interface-admin` ፓስወርድ ነው እንበል። ሌባው `Common.js` ውስጥ ጥቂት መስመሮች ይጨምራል። እናንተ የጣና ሐይቅን ገጽ ስትከፍቱ ጽሑፉ እንደወትሮው ነው፤ ምንም የተለየ ነገር አይታያችሁም። የተጨመረው ኮድ ግን ብራውዘራችሁ ውስጥ በእናንተ ስም እየሠራ ነው። ለምሳሌ «እባክዎ ፓስወርድዎን በድጋሚ ያስገቡ» የሚል ሳጥን ሊያወጣ ይችላል። ከላይ ያለው አድራሻ ደግሞ እውነተኛው የዊኪፔዲያ አድራሻ ስለሆነ የምትጠረጥሩበት ምክንያት የለም። በአካውንታችሁ ገብታችሁ ከሆነም ኮዱ እናንተ ማድረግ የምትችሉትን በእናንተ ስም ሊያደርግ ይችላል። ገጹን የከፈተው ሌላ አስተዳዳሪ ከሆነ ደግሞ ኮዱ የዚያን አስተዳዳሪ ሥልጣን ጭምር ይዋሳል።

በእርግጥ ይህም ለውጥ በታሪክ ውስጥ ይመዘገባል፤ የተጨመሩትን መስመሮች መሰረዝም ይቻላል። ነገር ግን እስኪሰረዙ ድረስ የተሰበሰቡት ፓስወርዶች ሌባው እጅ ገብተዋል። እነሱን «ወደ ነበሩበት መልስ» የሚል አዝራር የለም።

ስለዚህ ለአንድ አካውንት ምን ያህል ጥብቅ መግቢያ እንደሚያስፈልገው ለመወሰን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ጉዳቱ ስንት ሰው ይደርሳል? ቶሎ ይታያል ወይ? ከታየ በኋላስ ይመለሳል ወይ? የተራው ተጠቃሚ መልስ «ጥቂት፣ አዎ፣ አዎ» ነው። የሁለተኛው ግን «ሁሉም ጋ፣ ላይታይ ይችላል፣ አይመለስም» ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሰውየው ሳይሆን አካውንቱ ማድረግ የሚችለው ነገር ነው፤ ይህን ልብ በሉ።

ታዲያ ለሁሉም ቢጠብቅስ?

ሁለተኛ ኮድ የሚያመነጨው አፕሊኬሽን ስልክ ላይ ይጫናል። ስልኩ ሲጠፋ፣ ሲሰበር ወይም ሲሸጥ ኮዱም አብሮ ይሄዳል። ስልክ ከወንድምና ከእህት ጋር የሚጋራ ተማሪ ወይም ከኢንተርኔት ካፌ የሚጽፍ ሰው በዚህ ምክንያት ከገዛ አካውንቱ ውጪ ሊቀር ይችላል። ኮዱ ሲጫን የሚሰጡ የመጠባበቂያ ኮዶች አሉ፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ስንቶቻችን እንደምናስቀምጣቸው ግን እናንተው ታውቃላችሁ።

እሺ፣ ስልኩ ጠፋ፣ የመጠባበቂያ ኮዱም የለም። ቀጥሎ ምን ይሆናል? አንድ ሰው አካውንቱ የእናንተ መሆኑን አጣርቶ መክፈት አለበት። ባንክ ቢሆን መታወቂያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ዊኪፔዲያ ላይ ግን እውነተኛ ስም አይጠየቅም፤ ኢሜይል መስጠትም ግዴታ አይደለም። ታዲያ ምን ማስረጃ ታቀርባላችሁ? ዊኪሚዲያ ለብዙ ዓመታት ሁለተኛውን ደረጃ የፈቀደው ሥልጣን ላላቸውና በተለይ ለጠየቁ ሰዎች ብቻ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው፤ ከአካውንታቸው ውጪ የሚቀሩትን ሰዎች ሁሉ የመርዳት ሥራ ከባድ ነው።

ነገሩ ከሥራ ብዛትም ያልፋል። «ስልኬ ጠፋብኝ፣ ክፈቱልኝ» የሚሉ ሰዎች ሲበዙ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ሌቦች ይሆናሉ። የእርዳታ ሠራተኛው በቀን ብዙ ጥያቄ እየመጣለት እያንዳንዱን በጥንቃቄ ማጣራት ካልቻለ፣ የፊት በሩ ተቆልፎ የጓሮው በር ተከፈተ ማለት ነው። ጥቂት አስተዳዳሪዎች ሲሆኑ ግን ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ስለሌላው ሊመሰክር ይችላል፤ ጊዜ ወስዶ ማጣራትም ይቻላል። በአጭሩ፣ ጠንካራ ቁልፍ ጥንካሬው የሚዘልቀው ለጠፋበት ሰው ምትክ በጥንቃቄ መስጠት እስከተቻለ ድረስ ነው።

መጀመሪያ ቁልፎቹን መቀነስ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 አውርማይን የተባለ የጠላፊዎች ቡድን የዊኪፔዲያ መሥራች የጂሚ ዌልስን አካውንት ያዘ። ቡድኑ በዚያው ዓመት የበርካታ ታዋቂ ሰዎችን አካውንት በመጥለፍ ይታወቅ ነበር። ዘዴው ውስብስብ አልነበረም፤ ከሌላ ድረ ገጽ ያፈተለከ ፓስወርድ ወስዶ እዚህም ይሠራ እንደሆነ መሞከር ነው። ሰው አንድ ፓስወርድ በየቦታው ሲጠቀም ዘዴው ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ፓስወርዱ 30 ፊደል ቢሆን እንኳ ከሌላ ቦታ ካፈተለከ ርዝመቱ አያድንም፤ ሌባው ተገምቶ የማይገኘውን ነገር በእጁ ይዞታል። ስለዚህ ሥልጣን ላላቸው ሰዎች «ረጅም ፓስወርድ» ማለት ብቻ በቂ አልነበረም፤ ከፓስወርዱ ጋር አብሮ የማይሰረቅ ሌላ ነገር አስፈለገ።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 መጣ። የሚገርመው፣ እርምጃው ስለ ቁልፍ ጥንካሬ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ማንኛውም አስተዳዳሪ `Common.js`ን መቀየር ይችል ነበር፤ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ብቻ ከ1,000 በላይ አስተዳዳሪዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ሥራቸው ገጽ መሰረዝ፣ አጥፊን ማገድ፣ ጭቅጭቅ የበዛበትን ገጽ መጠበቅ ነው፤ ኮድ የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው። ሌባ ግን ከሺህ በላይ ከሆኑት አካውንቶች አንዱን ብቻ ማግኘት ይበቃው ነበር። ስለዚህ ኮድ የመቀየር ሥልጣን ከተራው አስተዳዳሪነት ተነጥሎ `interface-admin` የሚል የራሱ ሥልጣን ሆነ፤ የሚሰጠውም ለሥራው ለሚያስፈልጋቸው ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ አደገኛውን ሥልጣን ለይተው ትንሽ አደረጉት፤ ከዚያ ትንሹን ክፍል አጠበቁት። ባይነጥሉት ኖሮ ጥብቁን መግቢያ ከሺህ በላይ ሰው ላይ መጫን ነበረባቸው።

ሕጉ ኮድ ውስጥ ሲገባ

ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌር ሚዲያዊኪ ይባላል፤ ማንም አውርዶ የራሱን ዊኪ ሊከፍትበት ይችላል። የሁለተኛው ደረጃ ማረጋገጫ ቅጥያ ተጭኖ ካለ፣ እንዲህ ዓይነቱ የሁለት ደረጃ ሕግ የሚጻፈው በሦስት መስመር ነው፦

```php
$wgPasswordPolicy['policies']['default']['MinimalPasswordLength'] = 8;
$wgPasswordPolicy['policies']['interface-admin']['MinimalPasswordLength'] = 10;
$wgOATHRequiredForGroups = [ 'interface-admin' ];
```

የመጀመሪያው መስመር ለሁሉም ነው፤ ፓስወርድ ቢያንስ 8 ፊደል ይሁን ይላል። ሁለተኛው `interface-admin` ለሆኑት ወደ 10 ከፍ ያደርገዋል። አንድ ሰው በሁለት ቡድን ውስጥ ቢገኝስ? ሶፍትዌሩ ጥብቁን ይመርጣል፤ ማለትም ሕጎቹ ይደመራሉ እንጂ አይሻሩም።

ሦስተኛው መስመር ሁለተኛውን ኮድ ግዴታ ያደርጋል፤ አሠራሩም ብልህ ነው። ሁለተኛውን ደረጃ ያልጫነች አስተዳዳሪ ወደ አካውንቷ እንዳትገባ አይከለክላትም። ትገባለች፣ እንደማንኛውም ተጠቃሚ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ታርማለች፤ `interface-admin`ነቷ ግን ይተኛል። ኮዱን ስትጭን ሥልጣኑ ይነቃል። በዚህ መንገድ አካውንቱ በቀላሉ ይከፈታል፣ አደገኛው ክፍል ብቻ ተቆልፎ ይቆያል።

ግን አንድ ቀዳዳ አለ፤ አያችሁት? ሥልጣን ተሰጥቷት ሁለተኛውን ደረጃ ገና ያልጫነች አስተዳዳሪ አለች እንበል። ሌባ ፓስወርዷን ብቻ አገኘ። ገብቶ የራሱን ስልክ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ይመዘግባል! የተኛው ሥልጣን ለእሱ ይነቃለታል፤ እሷ ደግሞ ከገዛ አካውንቷ ውጪ ትቀራለች። መከላከያው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ሁለተኛው ደረጃ ይጫናል፣ መሥራቱ ይረጋገጣል፣ ሥልጣኑ ከዚያ በኋላ ይሰጣል። በአንድ ተቋም ውስጥ ይህ ሕግ በትክክል መተግበሩን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ሥልጣን ኖሯቸው ሁለተኛ ደረጃ የሌላቸውን አካውንቶች ዝርዝር ጠይቁ። ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት።

ስድስቱ ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ?

ሁለተኛው ኮድ በኤስኤምኤስ የሚላክ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። በሚጫንበት ቀን ሰርቨሩ አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ያወጣና በኪውአር ኮድ መልክ ያሳያል፤ ስልካችሁ አንብቦ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ምስጢሩን እንደገና አይለዋወጡም። ስልኩ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስንት ባለ30 ሰከንድ ክፍልፋይ እንዳለፈ ይቆጥራል፤ ያንን ቁጥር ከምስጢሩ ጋር በሒሳብ ያቀላቅለዋል፤ ከውጤቱም 6 አሃዝ ይወስዳል። ሰርቨሩም በበኩሉ ያንኑ ሒሳብ ይሠራል። መልሳቸው አንድ ከሆነ በሩ ይከፈታል። ስለዚህ ስልኩ ኔትወርክ ባይኖረውም ይሠራል።

ኔትወርክ አያስፈልገውም፣ ትክክለኛ ሰዓት ግን ያስፈልገዋል። ሰርቨሩ ትንሽ መዛባትን ይታገሣል፤ በሰዓታት ከተዛባ ግን አይሆንም። ስልካችሁን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሳችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ኮዱን በትክክል ጽፋችሁም ሁልጊዜ «ስህተት ነው» ሊላችሁ ይችላል። ምልክቱም ይኸው ነው፤ አንድ ኮድ ሳይሆን ሁሉም ኮዶች እምቢ ይላሉ። መፍትሔው የስልኩን ሰዓት «አውቶማቲክ» ማድረግ ነው።

ስድስት አሃዝ ብቻ ማለት አንድ ሚሊዮን አማራጭ ነው። ይበቃል? እናስላው። ሌባው ፓስወርዱን ይዟል፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ መሞከርም ይችላል እንበል። በ30 ሰከንድ 30,000 ግምት ይሆናል፤ ይህም 3 በመቶ ዕድል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ23 ዙር በኋላ፣ ማለትም በ12 ደቂቃ ገደማ፣ የመሳካት ዕድሉ ግማሽ ይደርሳል! አሁን ሰርቨሩ በሰዓት 10 ሙከራ ብቻ ይፍቀድ። በዓመት 87,600 ሙከራ ነው፤ ዕድሉ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ እንኳ 9 በመቶ አይደርስም፤ እስከዚያ ደግሞ ይነቃበታል። እንግዲህ ጥንካሬው ያለው ስድስቱ አሃዝ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ የሙከራ ገደቡም ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ይህም የማይከላከለው አለ

ሌባው ዊኪፔዲያን የሚመስል ገጽ ሠርቶ ሊንኩን ለአስተዳዳሪዋ ይልካል። እሷ ፓስወርዷን ትጽፋለች፣ ኮዱንም ትጽፋለች። ሐሰተኛው ገጽ ሁለቱንም በዚያው ቅጽበት ለእውነተኛው ዊኪፔዲያ ያስተላልፋል፤ ሌባውም ይገባል። ኮዱ በ30 ሰከንድ መለዋወጡ እዚህ አያድንም፤ ማሽን ለማስተላለፍ አንድ ሰከንድም አይፈጅበትም።

ለዚህ የተሠራው የደህንነት ቁልፍ የሚባለው ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ፣ ፍላሽ የሚመስል ትንሽ ዕቃ። በሚመዘገብበት ጊዜ ከድረ ገጹ አድራሻ ጋር ይያያዛል። አድራሻውን የሚነግረው ብራውዘሩ ራሱ ስለሆነ፣ በአንድ ፊደል የተለየ ሐሰተኛ አድራሻ ላይ ዓይን ቢሳሳትም ቁልፉ አይሳሳትም፤ መልስ አይሰጥም። ዋጋ ግን አለው፤ መገዛት አለበት፣ መጠባበቂያ እንዲሆንም ሁለት መያዝ ይመከራል። ለጥቂት አስተዳዳሪዎች ይህን መጠየቅ ይቻላል፤ ስህተት ያየውን አንባቢ ሁሉ «መጀመሪያ ይህን ግዛ» ማለት ግን ማንም እንዳያርም መከልከል ነው።

በእጃችሁ ያለው ሥልጣን

ይህ ሐሳብ ቴሌግራማችሁ ውስጥም አለ። አንድ ቻናል ላይ መጻፍ ስትፈልጉ ቴሌግራም ምንም ተጨማሪ ነገር አይጠይቃችሁም። የቻናሉን ባለቤትነት ለሌላ ሰው ላስተላልፍ ስትሉ ግን ይቆጣችኋል፦ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ከተጫነ ከ7 ቀን በላይ መሆን አለበት፣ የምትጠቀሙበት ስልክም ከገባ ከ24 ሰዓት በላይ። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። መልእክት ይሰረዛል፤ የተላለፈ ቻናል ግን በቀላሉ አይመለስም። ትናንት ማታ ሲም ካርዳችሁን አታልሎ ያወጣ ሌባ ዛሬ ጠዋት ቻናሉን ይዞ እንዳይሄድ የጊዜው ገደብ ያቆመዋል፤ እናንተም እስከዚያ ትነቃላችሁ።

እናንተም አካውንቶቻችሁን ደርድራችሁ ሦስቱን ጥያቄ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ የሚወጣው ኢሜይል ነው፤ የሌሎቹ ሁሉ «ፓስወርዴን ረሳሁ» የሚለው ሊንክ የሚመጣው እዚያ ስለሆነ ኢሜይላችሁን የያዘ ሌሎቹን ይከፍታል። ቀጥሎ የክፍላችሁ ወይም የክበባችሁ ቻናል ባለቤት ከሆናችሁ ያ ይመጣል። ለእነዚህ ሁለቱ ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት ፓስወርድና ሁለተኛ ደረጃ አድርጉ፤ የመጠባበቂያ ኮዱን ከስልኩ ውጪ፣ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ጨዋታ የምትጫወቱበትን አካውንት ግን እንደዚያ ባታጨናንቁትም ይሆናል።